ከክፍት ኮድ ወደ ጭብጥ፦ የጋዜጠኞችን ቃለ መጠይቅ የተነተንኩበት መንገድ

የቃለ መጠይቅ መረጃን በጭብጥ ትንተና የሚሠራ የሚዲያ ተማሪ በአብዛኛው የሚቸገረው ኮድ መስጠቱ ላይ አይደለም። ግልባጩን እያነበቡ በኅዳጉ ላይ አጫጭር መጠሪያዎችን መጻፍ ያደክማል እንጂ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ቀጥሎ ያለው ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ኮዶች ተደርድረው ሲታዩ ከእነርሱ ሦስት ወይም አራት ጭብጦች እንዴት እንደሚወጡ ለመገመት እንኳ ያስቸግራል። የምርምር ዘዴ ማስተማሪያዎችም እዚህ ላይ ሲደርሱ ተመሳሳይ ኮዶች በአንድ ላይ ይሰብሰቡ ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ ይሻገራሉ። ለማስተርስ መመረቂያዬ ያንን ርቀት የሄድኩበትን መንገድ በዝርዝር የማስቀምጠው፣ ተመሳሳይ ጥናት ላይ ያሉ ተማሪዎች ከነመረጃው የተሠራ አንድ ምሳሌ እንዲያዩ ነው።

ጥናቴ በአንድ የመንግሥት ሬዲዮ ጣቢያ የዜና ክፍል ላይ ነበር። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል፤ በጣቢያው ውስጥም ዜና ከመተላለፉ በፊት የሚያጣራ የሳንሱር ሹም የለም። ይሁንና ተቀርጸው የማይተላለፉ፣ ወይም መልካቸው ተለውጦ የሚተላለፉ ጉዳዮች አሉ። ዘጋቢዎችና አዘጋጆች አንድን ጉዳይ ለማስቀረት ወይም መልኩን ለመለወጥ የሚወስኑት እንዴት እንደሆነ ለማወቅ አሥራ አራት ሰዎችን አነጋገርኩ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ንግግሮች ተናጋሪዎቹ እንዳይታወቁ ስል ዝርዝራቸውን ለውጬዋለሁ፤ ሐሳባቸውን ግን አልነካሁም።

ወደ ኮዱ ከመግባቴ በፊት ስለ ስያሜ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። «ክፍት ኮድ» የሚለው አጠራር የመጣው ንድፈ ሐሳብን ከመረጃ ለማመንጨት ከሚሠራበት የምርምር ስልት ሲሆን፣ በዚያ ስልት ከክፍት ኮድ በኋላ ኮዶችን እርስ በርስ የማዛመድ፣ በመጨረሻም አንድ ማዕከላዊ ምድብ የመምረጥ ደረጃዎች ይከተላሉ። ቨርጂኒያ ብራውን እና ቪክቶሪያ ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የገለጹት የጭብጥ ትንተና ደግሞ ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም ከመረጃው ጋር መተዋወቅ፣ የመጀመሪያ ኮዶችን መስጠት፣ ጭብጥ መፈለግ፣ የተገኘውን መልሶ መፈተሽ፣ ጭብጡን መበየንና መሰየም፣ በመጨረሻም መጻፍ ናቸው። በንግግር ሁላችንም የመጀመሪያውን ኮድ ክፍት ኮድ እንለዋለን፤ ነውርም የለውም። በስልት ምዕራፉ ላይ ግን ሁለቱን ቀላቅሎ የጻፈ ሰው፣ ፈታኙ የቀሩትን የሌላኛውን ስልት ደረጃዎች አሳየኝ ሲለው የሚያሳየው አይኖረውም። እኔ የያዝኩት የብራውንና የክላርክን መንገድ ነበር።

አሁን አንድ ቁራጭ ንግግር በቅርብ እንመልከት። ከወረዳ የውሃ ችግር ዘገባ ይዞ የተመለሰ ዘጋቢ እንዲህ አለኝ፦ «ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፈው አገኘኋቸው፣ ቀረጽኳቸው። ቢሮ ስገባ የኃላፊውን ድምፅ ከፊት አደረግኩት፣ የእነሱን አሳጠርኩት። ማንም እንዲህ አድርግ አላለኝም። እንዲህ ካልሆነ እንደማይሄድ አውቀዋለሁ። አዲስ ልጅ ቢሆን ያንኑ እንዳለ ይዞ ይመጣና ያስተቻል።»

ለዚህ ንግግር ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጡት ኮዶች «የውሃ ችግር»፣ «የአዘጋጅ ሚና» እና «ራስን ሳንሱር ማድረግ» ናቸው። ሦስቱም አይረዱም። የመጀመሪያው ጉዳዩን እንጂ ሰውየው ያደረገውን አይነግረንም። ሁለተኛው ሳጥን ነው፤ ማንኛውንም ነገር ይይዛል። ሦስተኛው ደግሞ ከንድፈ ሐሳብ ምዕራፉ የመጣ ድምዳሜ በመሆኑ፣ ትንተናው ገና ሳይጀመር መልሱን ይሰጣል። ይህን ኮድ በዝርዝሩ ውስጥ ብተወው ኖሮ ከመረጃው እኩሌታ የሚሆነው እርሱ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምፈልገው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ቃሉን ከኮድ ዝርዝሬ ሙሉ በሙሉ አስወጥቼ፣ በምትኩ ሰውየው ምን እንዳደረገ በግስ መጻፍ መረጥኩ፦ «የባለሥልጣንን ድምፅ ማስቀደም»፣ «የነዋሪን ድምፅ ማሳጠር»፣ «ሳይታዘዙ አስቀድሞ ማስተካከል»፣ «የሚሄደውን ከልምድ ማወቅ»፣ «አለማወቅን ከጀማሪነት ጋር ማያያዝ»።

የጥሩ ኮድ መለኪያዬ ቀላል ነበር። ግልባጩን ሸፍኜ ኮዱን ብቻ ሳነብ፣ በቦታው ማን ምን እንዳደረገ ወይም ምን እንዳሰበ መረዳት ከቻልኩ ይቆያል፤ ካልቻልኩ ይሻሻላል። በዚህ መለኪያ «ጫና» የሚለው ኮድ ይወድቃል፤ «ኃላፊው ስልክ ሳይደውል እንደደወለ መቁጠር» የሚለው ያልፋል። መጠሪያው ይረዝማል፤ ይርዘም። ኮድ አጭር መሆን አለበት የሚለው ምክር ለሶፍትዌር መስኮት የሚመች ነው እንጂ ለትንተና አይበጅም።

መሣሪያ በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። በኤክሴል ነው የሠራሁት፤ የተሳታፊው መለያ፣ የመስመር ቁጥር፣ ንግግሩ፣ ኮዱ፣ ከአጠገቡ ደግሞ የራሴ ማስታወሻ የሚሰፍርበት ዓምድ ነበረው። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ የመጨረሻው ዓምድ ነው። ከላይ በጠቀስኩት ንግግር አጠገብ «አያፍርም፤ እንዲያውም የሚኮራ ይመስላል። ለምን?» ብዬ ጽፌ ነበር። ይህ ማስታወሻ ቆይቶ ዋናው ጭብጥ ሆነ።

ከጋዜጠኞች ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ሌላም የተለየ ጠባይ አለው። እኔ ራሴ በዜና ክፍል ሠርቻለሁ፣ ተሳታፊዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። በዚህም ምክንያት ወሳኝ ቦታ ላይ ሲደርሱ «መቼም አንቺም ታውቂዋለሽ» ብለው ንግግሩን ያሳጥሩታል። ግልባጩ ላይ ይህ ሐረግ በተደጋጋሚ ይገኛል፤ ሁልጊዜም የሚገኘው ለጥናቱ በጣም የሚያስፈልገው ሐሳብ ሊነገር ሲል ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ተንታኙ የራሱን እውቀት ሞልቶ ኮድ ቢሰጥ፣ ኮዱ የተሳታፊው ሳይሆን የተንታኙ ይሆናል። እነዚህን ቦታዎች በቀለም ለይቼ፣ ፈቃደኛ ከሆኑት ጋር እንደገና በስልክ ተነጋገርኩ፤ «ምንም እንደማላውቅ አድርገው ይንገሩኝ» እያልኩ ጠየቅኋቸው። ከዚያም በኋላ ያልተሞላው ቦታ ሳይሞላ ቀረ፤ ኮዱም «የጋራ እውቀት አድርጎ ማለፍ» የሚል ብቻ ሆነ። ያም ቢሆን ራሱን የቻለ ግኝት ነው፤ ለውጭ ሰው የማይነገር፣ ለባልደረባ ደግሞ መንገር የማያስፈልግ እውቀት መኖሩን ያሳያልና።

ሁሉም ግልባጭ አንድ ጊዜ ካለቀ በኋላ ኮዶቹ ሁለት መቶ ገደማ ደርሰው ነበር። የመጀመሪያው ሥራ ተደጋጋሚዎቹን ማዋሐድ ነው። «ሳይጠየቁ መቁረጥ» እና «ትእዛዝ ሳይጠብቁ ማውጣት» አንድ ናቸው፤ ተዋሐዱ። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን አንድ የሚመስሉ፣ ሆኖም አንድ ያልሆኑ ኮዶች ሲያጋጥሙ ነው። «ድምፅ ቆርጦ ማስቀረት» እና «ቅደም ተከተል መቀየር» በመጀመሪያ እይታ ሁለቱም ዜናውን ማለዘብ ናቸው፤ ለማዋሐድም እጄን ዘርግቼ ነበር። ከሥራቸው ያሉትን ንግግሮች ጎን ለጎን ሳነብ ግን ልዩነታቸው ጎልቶ ወጣ። የቆረጡት ሰዎች ምክንያት ይሰጣሉ፣ ይከላከላሉ፣ አንዳንዴም ይጸጸታሉ። ቅደም ተከተል የቀየሩት ግን ማብራሪያ አይሰጡም፤ እነርሱ ዘንድ ይህ የአሠራር ጉዳይ ነው፣ ዜና የሚጻፈው እንዲህ ነው። ስለዚህ ለያይቼ ተውኳቸው። ኮድ የሚዋሐደው በመጠሪያው መመሳሰል ሳይሆን ከሥሩ ያለው ንግግር ተነቦ ነው፤ ይህን ለማድረግ በእያንዳንዱ ኮድ ሥር የተሰበሰበውን ንግግር በአንድ ገጽ ማተም ይጠይቃል፣ ወረቀት ይፈጃል፣ አቋራጭ ግን የለውም።

ቀጥሎ ኮዶቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ መሬት ላይ መደርደር ጀመርኩ። የመጀመሪያው አደራደር ያስገኘው «የጫና ምንጮች»፣ «የጫና ዓይነቶች»፣ «በዘገባ ላይ ያለው ተጽእኖ» እና «የመፍትሔ ሐሳቦች» የሚሉ አራት ክምሮችን ነበር። በትምህርት ክፍላችን ቤተ መጻሕፍት ያሉ በርካታ መመረቂያዎች የግኝት ምዕራፋቸው በዚሁ መልክ ተከፍሎ ይገኛል፤ መንስኤ፣ ውጤት፣ መፍትሔ። አማካሪዬ ወረቀቱን አይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «እነዚህን አራቱን ቃለ መጠይቁን ከማድረግሽ በፊት ልትጽፊያቸው ትችይ ነበር?» እችል ነበር። የቃለ መጠይቅ መመሪያዬ አራት ክፍሎች ነበሩት፤ አራቱ ክምሮች እነርሱው ናቸው።

ብራውንና ክላርክ ይህንን የርእሰ ጉዳይ ማጠቃለያ ብለው ከጭብጥ ይለዩታል። በአንድ ርእሰ ጉዳይ ሥር ተሳታፊዎች የተናገሩት ሁሉ ይሰበሰባል፤ ይሁን እንጂ የተሰበሰቡት ሐሳቦች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ፣ የማይገናኙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚያገናኛቸው ስለ አንድ ነገር መነገራቸው ብቻ ነው። ጭብጥ ግን በአንድ የጋራ ትርጉም ዙሪያ የተሰበሰበ ነው። ለእኔ ልዩነቱን ለመለየት የረዳኝ መንገድ ይህ ነበር፦ የጭብጡን ስም በግስ በሚያልቅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከዚያም ሰው ሊቃወመው ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ። «የጫና ምንጮች» የሚለውን ማንም ሊቃወመው አይችልም፤ ምንም አላለምና።

ከዚያ በኋላ ክምሮቹን አፍርሼ በሌላ ጥያቄ ደረደርኳቸው፦ እነዚህ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ ራሳቸውን እንዴት አድርገው ያያሉ? ወረቀቶቹ ቦታ ለወጡ። «የሚሄደውን ከልምድ ማወቅ» ከ«ምንጮች» ክምር፣ «አለማወቅን ከጀማሪነት ጋር ማያያዝ» ከ«ዓይነቶች»፣ «ቅደም ተከተልን የአሠራር ጉዳይ ማድረግ» ከ«ተጽእኖ»፣ «አዲስ ዘጋቢን ምን እንደማይሠራ ማስተማር» ደግሞ ከ«መፍትሔ» ክምር ተነሥተው በአንድ ላይ ተቀመጡ። የመጨረሻው ኮድ በተለይ አስደነቀኝ። አንድ ከፍተኛ አዘጋጅ ለጣቢያው ችግር መፍትሔው ሥልጠና ነው ብለው ሲያብራሩ የገለጹት ሥልጠና፣ አዳዲስ ልጆች የማያልፉ ዜናዎችን አምጥተው ጊዜ እንዳያባክኑ ማለማመድ ነበር። በመጀመሪያው አደራደር ይህ ንግግር መፍትሔ ነው፤ በሁለተኛው ግን የችግሩ መተላለፊያ መንገድ ነው። ጭብጡ እንዲህ ተጻፈ፦ «ምን እንደማይሠራ ማወቅ የጥሩ ጋዜጠኛ መለያ ሆኖ ይቆጠራል።» የቀደመው ማስታወሻዬ ጥያቄም መልስ አገኘ። ሰውየው የማያፍረው በፍርሃት ያደረገው ነገር ስላልሆነ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ብቃት ነው።

ሁለተኛው ጭብጥ የወጣው ልጥለው ከነበረ ኮድ ነው። «የመኪና እጥረት» ከሁሉም ኮዶች በብዛት የመጀመሪያው ነበር፤ ሳልጠይቃቸው ሁሉም ስለ መኪና ነግረውኛል። ብዛቱ ግን ጭብጥ አያደርገውም፤ የጥናቱ ጥያቄ ስለ ውሳኔ እንጂ ስለ ግብዓት አልነበረም። ከማውጣቴ በፊት በሥሩ ያሉትን ንግግሮች አንድ በአንድ ሳነብ ግን ሁለት ዓይነት ሆነው አገኘኋቸው። የመጀመሪያዎቹ መኪና ስለሌለ ሳይሄዱ ስለቀሩባቸው ቦታዎች የሚናገሩ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ መኪና ተገኝቶ ስለሄዱባቸው ቦታዎች ናቸው፤ መኪናውን የላከው፣ አበሉንም የከፈለው የሚዘገብለት መሥሪያ ቤት ነው። አንዲት ዘጋቢ እንዲህ ብላኛለች፦ «በእነሱ መኪና ሄደሽ፣ ምሳ አብረሽ በልተሽ፣ ያላለቀውን ግንባታ አላለቀም ብለሽ ትጽፊያለሽ? ይከብዳል። መኪናው የሚቆመውም ያለቀው ጋ ነው።» ኮዱን ለሁለት ከፈልኩት፤ የመጀመሪያውን ወደ ጥናቱ ዐውድ መግለጫ ወሰድኩት፣ ሁለተኛውን ከሌሎች ጋር አያይዤ «የዘገባውን ጉዞ የሚሸፍነው አካል ዘጋቢው የሚያየውን አስቀድሞ ይመርጣል» የሚል ጭብጥ ሠራሁ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ባትኖር «ይሉኝታ» ብዬ አልፈው ነበር። እርሷ ግን ጉዳዩ ከስሜት ያለፈ መሆኑን አሳየችኝ፤ ዘጋቢዋ ሌላውን ቦታ አላየችም፣ ያላየችውን ደግሞ ልትደብቅ አትችልም።

ጭብጥን መልሶ መፈተሽ ሲባል የሚደግፉትን ንግግሮች መቁጠር አይደለም። የማይስማማውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው። በእኔ መረጃ ውስጥ አንዲት ነባር ዘጋቢ ነበረች፤ ሌሎቹ አይነካም ያሉትን የመሬት ካሣ ጉዳይ ሠርታ አስተላልፋለች። ምን እንደደረሰባት ስጠይቃት «ምንም። ኃላፊው ራሱ ደውሎ ክትትል ሥሪ አለኝ» አለች። ይህች ሴት ከመጀመሪያው ጭብጥ ጋር አትሄድም፤ ምን እንደማይሠራ ያውቃሉ የተባሉት ባልደረቦቿ በእርሷ ጉዳይ አላወቁም። እርሷን ለየት ያለ ሁኔታ ብሎ በግርጌ ማስታወሻ ማሳለፍ ይቻል ነበር። እኔ ግን ሁሉንም ግልባጮች እንደገና አንብቤ፣ ሌሎቹ የማይነካ ያሉትን ጉዳይ ራሳቸው ሞክረው ያውቁ እንደሆነ ፈለግኩ። አብዛኞቹ አልሞከሩም፤ «ከዚህ በፊት ተሞክሮ ቀርቷል» የሚሉ ናቸው፣ ማን እንደሞከረ፣ ማንስ እንዳስቀረው ግን አይነገርም። በዚህም «ወሰኑ ሳይፈተሽ በወሬ ይሰመራል» የሚል ሦስተኛ ጭብጥ ተገኘ፤ የመጀመሪያው ጭብጥም «ማወቅ» በሚለው ፈንታ «አውቃለሁ ማለት» ተብሎ ታረመ። ጭብጡ የጠነከረው በተቃወመችው ሴት ምክንያት ነው።

በመመረቂያ ፈተናው ላይ ይጠየቃል ብዬ የጠበቅኩት ተጠየቀ፦ ሌላ ሰው ኮድ ቢሰጥ ያው ይወጣ ነበር ወይ? አንዳንድ ፈታኞች በሁለት ኮድ ሰጪዎች መካከል ያለውን ስምምነት በቁጥር እንዲታይላቸው ይፈልጋሉ። የኮድ መዝገብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለሚሠራ ትንተና ይህ ተገቢ ነው። ብራውንና ክላርክ በኋለኞቹ ዓመታት ነጸብራቃዊ ብለው በጠሩት ዓይነት ግን ተንታኙ ራሱ የትንተናው አካል ስለሆነ፣ የሁለት ሰዎች መስማማት የጥራት መለኪያ ሆኖ አይቀርብም። ይህን ማለት ግን ማስረጃ አያስፈልግም ማለት አይደለም። እኔ አንድ ግልባጭ በዜና ክፍል ሠርታ ለማታውቅ የክፍል ጓደኛዬ ሰጥቼ ኮድ እንድትሰጥ አደረግኩ፤ ከተወያየንባቸው ልዩነቶች መካከል «ለምንድን ነው ሁሉም የኃላፊውን ስም የማይጠሩት?» የሚለው ጥያቄዋ እኔ ለምጄው የማላየውን ነገር አሳይቶኛል። የስምምነት መጠን አላሰላንም።

በዕዝል ያያያዝኩት የኮድ መዝገቡን ብቻ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ጭብጥ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ፣ በላዩ ጭብጡን፣ ከሥሩ የተሠራባቸውን ኮዶች፣ ከእያንዳንዱ ኮድ አጠገብ አንድ ንግግር ከመስመር ቁጥሩ ጋር፣ በግርጌው ደግሞ ጭብጡን የሚቃወም ንግግር ካለ እርሱንና በእርሱ ምክንያት የተለወጠውን አሰፈርኩ። መመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የተረጎምኩት እዚህ ደረጃ ላይ ለግኝት ምዕራፉ የተመረጡትን ንግግሮች ብቻ ነው፤ ኮዱም የጭብጡ ስምም እስከ መጨረሻው በአማርኛ ነበሩ። ፈታኙ ሁለተኛውን ጭብጥ አንሥተው «መኪና ከዜና ውሳኔ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ሲጠይቁኝ ያንን ገጽ ከፈትኩ፤ የዘጋቢዋን ንግግር አንብበው ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።